የተፈታ የዴልታ ማያያዣ፦ በ132/33 ስታር-ስታር ትራንስፎርመር ላይ

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሞች። ኮምቦልቻ አካባቢ የምንንከባከበው አንድ ትራንስፎርመር አለ፤ 132/33 ኪሎ ቮልት፣ 31.5 ኤምቪኤ፣ ነምፕሌቱ ላይ YNyn0+d ይላል። ሦስተኛው የዴልታ ጥቅልል 15 ኪሎ ቮልት ሆኖ ሁለት ቡሺንግ ብቻ ነው ወደ ውጭ የወጣው። ሁለቱ በመዳብ ተያይዘው መሬት ገብተዋል፤ ጭነት የሚባል የለበትም። ለልኬት ስንፈታው አንድ ባለሙያ ‹እሱ ሦስተኛ ሃርሞኒክ ለማጥፋት ብቻ ነው፣ ያለ እሱም ይሠራል› አለን። እውነት ነው? ሳንመልሰው ብናስነሳው ምን ይሆናል?»

አብሽር፣ ገና ካላስነሳችሁት የተበላሸ ነገር የለም። ማያያዣው ሳይመለስ ግን ብሬከር እንዳትዘጉ። ባለሙያው ያለው ግማሹ እውነት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ይነሳል፣ ጭነትም ይሸከማል፣ ሜትሮቹም ደህና ያነባሉ። የተሳተው «ብቻ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። በዚህ ትራንስፎርመር ውስጥ ዴልታው ለሦስተኛ ሃርሞኒክ የሚሸከመው ከረንት 1 አምፔር እንኳ አይሞላም። 33ቱ ላይ ኧርዝ ፎልት ሲመጣ ግን ወደ 1900 አምፔር ይዞርበታል። የመዳቡ ውፍረት የተለካው ለሁለተኛው ነው።

ሃርሞኒኩን አስቀድሜ ልጨርሰው። የኮር ብረት ሲሞላ ይጠግባል። ፍላክሱ ንጹህ ሳይን እንዲሆን ከተፈለገ ማግኔት የሚያደርገው ከረንት ጫፉ ሾጣጣ መሆን አለበት፤ ሾጣጣነቱ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር 150 ኸርዝ ነው። ሦስቱ ፌዞች በ50 ኸርዝ በ120 ዲግሪ ይራራቃሉ። በሦስት እጥፍ ድግግሞሽ ግን ያ ርቀት 360 ዲግሪ ይሆንና ሦስቱም እኩል፣ በአንድ አፍታ፣ በአንድ አቅጣጫ ይነሳሉ። እንዲህ ያለ ከረንት ኒውትራሉ ባልታሰረ ስታር ውስጥ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ ሦስቱም ወደ ኮከቡ መሃል ከገቡ ማን ይመልሳቸዋል? ስለዚህ ከረንቱ ሾጣጣ መሆን ሲያቅተው ፍላክሱ ራሱ አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ፌዝ ቮልቴጅ ላይም 150 ኸርዝ ይጫናል። ዴልታ ካለ ሦስቱ የ150 ኸርዝ ቮልቴጆች በቀለበቱ ውስጥ ይደማመሩና ከረንቱን እዚያው ያዞሩታል። ኮሩ የጎደለውን አምፔር-ዙር ከዚያ ያገኛል፣ ፍላክሱም ይስተካከላል። ኒውትራሉ ምድር ላይ ከታሰረም መንገድ ይገኛል፤ ነገር ግን 150 ኸርዙ በመስመሩና በምድር በኩል ስለሚሄድ አጠገቡ ያለውን የስልክ መስመር ያስጮኸዋል።

መጠኑን እናስላ። የእንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ባዶ ከረንት ከሙሉ ጭነቱ 0.3 በመቶ ነው እንበል፣ የዚያ 40 በመቶ ደግሞ ሦስተኛ ሃርሞኒክ ይሁን። በ31.5 ኤምቪኤ መነሻ የ15 ኪሎ ቮልቱ ዴልታ የአንድ ፌዝ ከረንት 31500 ÷ (3 × 15) = 700 አምፔር ነው። 700 በ0.003፣ ከዚያ በ0.4 ሲባዛ 0.84 አምፔር ይወጣል። ለዚህ የስልክ ሽቦ ይበቃ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የእናንተው ዓይነት ትራንስፎርመር ኮሩ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት እግር ነው። ሦስቱም እግሮች ውስጥ ፍላክስ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ከተነሳ የሚመለስበት አራተኛ የብረት እግር ስለሌለ በዘይቱና በታንኩ ግድግዳ በኩል ዞሮ መምጣት ይኖርበታል። ያ መንገድ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ዴልታው ቢፈታም ሦስተኛ ሃርሞኒክ ፍላክሱ ሩቅ አይሄድም። ሦስት ነጠላ ፌዝ ትራንስፎርመሮች ተደርድረው ቢሆን ወይም ኮሩ ባለ አምስት እግር ቢሆን ግን መመለሻው ብረት ነውና የፌዙ ቮልቴጅ ክፉኛ ሊዛባ ይችላል። በእንደነዚያ ላይ ዴልታ የግድ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ላይ አንዳንድ ገዢዎች ሆን ብለው ትተውት የሚያዝዙም አሉ፤ ያ ግን ከመጀመሪያው ታስቦ፣ ሪሌዩም በዚያ ተሰልቶ ነው። ዴልታ ይዞ የተሠራን ትራንስፎርመር ፈትቶ ማስነሳት ከዚያ ጋር አይመሳሰልም።

ከፈታችሁት በኋላ በቮልት ሜትር አይታችሁ «ምንም አልሆነም» እንዳትሉ አንድ ነገር ልጨምር። ከፌዝ ወደ ፌዝ ስትለኩ እኩል የሆኑት 150 ኸርዞች ይጠፋፋሉ፤ 33 ያው 33 ነው። ከፌዝ ወደ ኒውትራል ስትለኩም ብዙ አይታይም። 10 በመቶ የሚያህል ሦስተኛ ሃርሞኒክ ቢኖር እንኳ 19.05 ኪሎ ቮልቱ 19.15 ነው የሚሆነው። ሃርሞኒክ የሚለይ መሣሪያ ካልሆነ፣ ወይም የቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ ክፍት ዴልታ ላይ ካልተለካ፣ ዓይን አይይዘውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዜሮ ሲኩዌንስ ማለት በሦስቱም ፌዞች እኩል ሆኖ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ 50 ኸርዝ ከረንት ነው፤ ከሦስተኛ ሃርሞኒክ ጋር የሚጋራው ባሕርይ ይኸው አንድ አቅጣጫነቱ ነው። 33ቱ ላይ የተሰቀሉት የአካባቢ ትራንስፎርመሮች በ33 በኩል ዴልታ ከሆኑ (Dyn11 የተለመደ ነው) በሰላም ጊዜ ዜሮ ሲኩዌንስ አይጠይቁም። የሚጠይቀው ፎልት ነው፤ ክረምት ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መስመር ላይ ሲወድቅ ወይም የተሰነጠቀ ኢንሱሌተር ሲጮህ። ያን ጊዜ በ33 ጥቅልል ሦስቱም እግሮች ላይ እኩል አምፔር-ዙር ይነሳል። ትራንስፎርመር አንዱ ጥቅልል የሚያነሳውን አምፔር-ዙር ሌላው ካላቻቻለው ያንን ከረንት አያሳልፍም፤ ጭነት ያልነካው ጥቅልል ሆኖ ይቀራል። 132ቱ ማቻቻል የሚችለው ኒውትራሉ ምድር ላይ ከታሰረ ነው። ዴልታው ግን ኒውትራል ቢታሰርም ባይታሰርም ሁልጊዜ ያቻችላል፤ ቀለበቱ ክብ ነው፣ ውጭውን አያስፈልገውም።

በቁጥር ለማየት የሚከተሉትን እወስዳለሁ፣ ሁሉም በ31.5 ኤምቪኤ መነሻ፦ ከ132 ወደ 33 ኢምፒዳንሱ 12 በመቶ፣ ከ132 ወደ ተርሸሪው፣ ማለትም ወደ ሦስተኛው የዴልታ ጥቅልል፣ 20 በመቶ፣ ከ33 ወደ ተርሸሪው 7 በመቶ። የእናንተን ከነምፕሌቱና ከፋብሪካው የሙከራ ሰነድ አንብባችሁ ተኩበት። የ132ቱ ምንጭ 3 በመቶ ይሁን፤ ይህም 1050 ኤምቪኤ የሾርት ሰርኪት አቅም ማለት ነው። በ33 በኩል ሙሉ ከረንቱ 551 አምፔር ነው።

ሦስቱን የጥንድ ኢምፒዳንሶች ወደ ሦስት ክንድ ስታር ስንመልሳቸው እንዲህ ይሆናሉ፦

```
ZH = (12 + 20 - 7) / 2 = 12.5 %
ZL = (12 + 7 - 20) / 2 = -0.5 %
ZT = (20 + 7 - 12) / 2 =  7.5 %
```

ZL ከዜሮ በታች መውጣቱ አያስደንግጣችሁ፣ የስሌት ስህተት አይደለም። 33ቱ ጥቅልል ተርሸሪውና 132ቱ መካከል ስለተጠቀለለ ነው። ክንዱ ብቻውን የሚለካ ዕቃ አይደለም፤ ሁለት ሁለቱን ስትደምሩ የምታገኙት ነው እውነተኛው።

መጀመሪያ ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታይበትን እንይ፤ የ132ቱ ኒውትራል ክፍት ነው፣ የ33ቱ ኒውትራል በቀጥታ መሬት ገብቷል፣ ዴልታውም ተዘግቷል። ፎልቱ የሚያየው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ኢምፒዳንስ 3 እና 12 ተደምረው እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ነው። ዜሮው 7 በመቶ ብቻ ነው። የኧርዝ ፎልቱ ከረንት 3 ÷ (0.15 + 0.15 + 0.07) = 8.11 እጥፍ፣ ማለትም 4470 አምፔር ገደማ ይሆናል። የሦስት ፌዝ ፎልቱ 1 ÷ 0.15 = 6.67 እጥፍ፣ 3670 አምፔር ነው። ልብ በሉ፣ አንድ ፌዝ ከምድር ጋር መገናኘቱ ሦስቱም ከመገናኘታቸው ይበልጣል፤ የዴልታው ሥራ ነው ይህ። ዴልታው ውስጥ የሚዞረው ደግሞ የኧርዝ ፎልቱ 8.11 እጥፍ ሲሶ ነው፤ 2.70 ሲባዛ በ700፣ 1890 አምፔር። የዴልታው ጥቅልል የትራንስፎርመሩ ሲሶ፣ 10.5 ኤምቪኤ ተደርጎ ከተሠራ የራሱ የፌዝ ከረንት 233 አምፔር ነው። ስለዚህ በፎልት ሰዓት 8 እጥፉን ይሸከማል። አይኢሲ 60076-5 ትራንስፎርመሩ የሾርት ሰርኪቱን ሙቀት 2 ሰከንድ እንዲችል ስለሚጠይቅ ሪሌዩ ከዚያ ቀድሞ መጨረስ ይኖርበታል።

አሁን ማያያዣውን እንፍታው። ባለ ሦስት እግር ኮር ላይ ዴልታ ከሌለ ዜሮ ኢምፒዳንሱ ማግኔት የማድረጊያው ነው፤ በታንኩ በኩል ስለሚዞር ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 100 በመቶ ውስጥ ይወድቃል። 50 ብንል ፎልቱ 3 ÷ 0.80 = 3.75 እጥፍ፣ 2070 አምፔር ይሆናል። ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ጤነኞቹ ሁለት ፌዞች ከዴልታ ጋር 0.91 እጥፍ ላይ ነበሩ፣ ያለ ዴልታ ወደ 1.28 እጥፍ ይወጣሉ፤ 19.05 የነበረው 24.3 ኪሎ ቮልት። በደንብ ኧርዝ ለተደረገ 33 መስመር የተመረጠ አሬስተር ይህን ይችላል፤ ስለዚህ ወዲያው ይፈነዳል ብዬ አላስፈራራችሁም። ይኸው ነገር ሦስት ነጠላ ፌዝ ትራንስፎርመሮች ላይ ቢደረግ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዜሮ ኢምፒዳንሱን 1000 በመቶ ብንወስድ ፎልቱ 160 አምፔር ብቻ ይሆናል። ከሙሉ ጭነቱ ሲሶም አይሞላ፤ የፌዝ ኦቨርከረንት ሪሌይ ፎልት መሆኑን እንኳ አያውቅም። ጤነኛው ፌዝ ደግሞ 1.69 እጥፍ፣ 32 ኪሎ ቮልት ይደርሳል። አሬስተሮች የሚቃጠሉት እዚህ ነው።

የእናንተ ነምፕሌት YN ስለሚል የ132ቱ ኒውትራል መሬት የገባ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው «ይሠራል» ለማለት ያበቃውም ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ የፎልቱ መጠን ብዙም አይለወጥም። የ132 መስመሩ ዜሮ ኢምፒዳንስ 6 በመቶ ይሁን። ዴልታው ሲዘጋ 7.5 በመቶ የሆነው የዴልታው ክንድና 18.5 በመቶ የሆነው የ132ቱ መንገድ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ፎልቱ 4745 አምፔር ይወጣል። ከዜሮ ሲኩዌንሱ 71 በመቶውን ዴልታው ይወስደዋል፤ ይህም በቀለበቱ ውስጥ 1430 አምፔር ነው። ቀሪው ወደ 132 ይሻገርና በዚያኛው ኒውትራል 342 አምፔር ይታያል። ዴልታው ሲፈታ ፎልቱ ወደ 3440 ይወርዳል፤ አሁንም በቂ ነው፣ 33ቱ ፊደር ላይ ያለው ሪሌይ ይሠራል። ነገር ግን ዜሮ ሲኩዌንሱ በሙሉ 132ቱን ነው የሚጠይቀው። ታንኩ የሚወስዳትን ድርሻ ብንተዋት የ132ቱ ኒውትራል 860 አምፔር ያያል፣ ከበፊቱ ሁለት እጥፍ ተኩል። የ132ቱ መስመር ኧርዝ ፎልት ሪሌይ የተሰላው በ342ቱ ነው። አንድ የ33 ፊደር ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ ሪሌዩን ያስነሳውና፣ ፊደሩ እስኪቆረጥ የሚጠብቀው ጊዜ አጭር ከሆነ መስመሩን ራሱን ይጥለዋል። ጠዋት ላይ «132ቱ ለምን ወደቀ?» ተብሎ ማማው ሁሉ ሲፈተሽ ጥፋቱ ያለው አንድ የተረሳ የመዳብ ማያያዣ ላይ ነው። ዴልታው ለ132ቱ የከለላ ግድግዳ ነበር ማለት ይቻላል፤ የ33ቱን ጣጣ እዚሁ ይጨርሰዋል።

በግልባጩም ይሠራል። ፎልቱ 132 መስመር ላይ ሆኖ የታሰረ ኒውትራልና የተዘጋ ዴልታ ካላችሁ፣ 33 በኩል ምንም ጀነሬተር ባይኖርም ትራንስፎርመሩ ለዚያ ፎልት ዜሮ ሲኩዌንስ ከረንት ያቀርባል። በ132 በኩል ዜሮ ኢምፒዳንሱ 20 በመቶ ነው። የመስመሩን ሪሌይ ያስተካከለው ሰው ይህንን ቆጥሮ ነው ያስተካከለው፤ ዴልታውን መፍታት የእሱንም ሂሳብ ያበላሽበታል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ክፍቱ ቦታ ላይ የሚነሳው ቮልቴጅ ነው። በሰላም ጊዜ ሦስቱ የ15 ኪሎ ቮልት ጥቅልሎች ተደማምረው ዜሮ ስለሚመጡ በሁለቱ ቡሺንጎች መካከል 50 ኸርዝ የለም ማለት ይቻላል። 150 ኸርዙ ግን ይደማመራል፤ በየፌዙ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን 150 ቮልት ሦስት ጊዜ፣ 450 ቮልት ነው። «ባዶ ነው» ብሎ እጁን የሚዘረጋን ሰው ለመግደል ይበቃል። ፎልት ሲመጣ ደግሞ ሦስቱ እኩል ይነሳሉ። የ132ቱ ኒውትራል ክፍት በሆነበት ስሌት ዜሮ ሲኩዌንስ ቮልቴጁ የ3.75 ሲሶ፣ 1.25፣ ሲባዛ በ0.5፣ 0.625 እጥፍ ነው። በየጥቅልሉ 9.4 ኪሎ ቮልት፣ ሦስቱ ተደራርበው 28 ኪሎ ቮልት በክፍቱ ጫፍ ላይ። ኒውትራሉ ታስሮ ከሆነም ወደ 17 ኪሎ ቮልት ይደርሳል። የ17.5 ኪሎ ቮልት ክፍል ቡሺንግ በፋብሪካ ለ1 ደቂቃ 38 ኪሎ ቮልት ተፈትኖ ነው የሚወጣው፤ አንዴ ቢያልፍ አሥር ጊዜ ያልፋል ማለት አይደለም። ላዩ አቧራና ዝናብ ካለበት ደግሞ ይባስ። ከፍታውም አለ። አየር ሲሳሳ መከላከሉ ይቀንሳል፤ ከ1000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር በአየር ውስጥ ያለው ርቀት 1 በመቶ እንዲጨምር ነው መመዘኛው የሚለው። ኮምቦልቻ ከ1800 ሜትር በላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2500 ገደማ ትደርሳለች። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ የተሰላ ርቀት ኮምቦልቻ ላይ 8 በመቶ፣ ደሴ ላይ 15 በመቶ ያጥረዋል። ግማሽ ተፈትቶ የተንጠለጠለ ማያያዣ ከሌላው ቡሺንግ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከራቀ ቅስቱ የሚነሳው እዚያ ነው።

ስትመልሱት የአሳሰሩን ነገር አደራ። ሁለቱ ቡሺንጎች የቀለበቱ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ቀጥታ በወፍራም መዳብ ይታሰራሉ። ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ ከዚያ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ይወጣል። ሁለቱን ለየብቻ ወደ መሬት አውርዶ «በምድር በኩል ተገናኝተዋል» ማለት ስህተት ነው። 1890 አምፔሩ የመሬት ሽቦዎቹንና መጋጠሚያቸውን ይዞ ይሄዳል፣ እነሱም ለዚያ አልተሠሩም። ጭራሽ መሬት ሳያስገቡ መተውም ልክ አይደለም፤ ከ132 ጥቅልሉ በካፓሲታንስ የሚሻገር ቮልቴጅ ተንሳፋፊውን ዴልታ ወደማይፈለግ ከፍታ ያወጣዋል። ሌላ ቦታ ሦስት ቡሺንግ የወጣለት ተርሸሪ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቀለበቱ ውስጥ ተዘግቷል ማለት ነውና መሬት የሚገባው አንዱ ማዕዘን ብቻ ነው። ሁለት ማዕዘን መሬት ማስገባት አንዱን ጥቅልል ሾርት ማድረግ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የመዳቡ ፊት በደንብ መጽዳት አለበት፤ መጋጠሚያውንም በማይክሮ ኦም ሜትር እዩት። በሰላም ጊዜ 1 አምፔር ስለማይሞላ የላላ መጋጠሚያ በሙቀት ካሜራ አይያዝም፤ የሚያሳብቀው ፎልት ሲመጣና ሲቀልጥ ነው። መሬት የሚሄደው ሽቦ ላይ ወይም ማያያዣው ላይ የከረንት ትራንስፎርመር ካለ በየትኛው በኩል እንደነበር ከመፍታታችሁ በፊት የተነሳውን ፎቶ ተመልከቱ። ማያያዣው ላይ ያለው የዜሮ ሲኩዌንሱን ቀለበት ያያል፤ መሬት ሽቦው ላይ ያለው ደግሞ የተርሸሪውን የራሱን ኧርዝ ፎልት ነው የሚያየው። ተቀያይረው ከታሰሩ ሁለቱም ሪሌዮች ሥራቸውን ያጣሉ።

ለነገሩ የኢንሱሌሽን ልኬት (ሜገር) ብቻ ከነበረ ቀለበቱን መፍታትም አያስፈልግም ነበር። መሬት ሽቦውን ማላቀቅ ይበቃል። ቀለበቱ የሚከፈተው የጥቅልሉ ሬዚስታንስ ሲለካ ነው።

አስራችሁ ስትጨርሱ መዘጋቱን በዓይን ብቻ አትመኑ፣ በዜሮ ሲኩዌንስ ልኬት አረጋግጡ። ትራንስፎርመሩ ከሁለቱም ወገን ተቆርጦ፣ ታግ ተደርጎበት፣ 33ቱን ሦስት ቡሺንጎች አንድ ላይ እሰሩ። ከዚያ በታሰሩት ቡሺንጎችና በ33ቱ ኒውትራል መካከል በቫርያክ 20 ቮልት ስጡና ከረንቱን አንብቡ። የ33ቱ ኒውትራል ለልኬቱ ከመሬት ይላቀቃል። የአንድ ፌዝ ዜሮ ኢምፒዳንስ 3 × U ÷ I ነው። በ33 በኩል መነሻ ኢምፒዳንሱ 33 × 33 ÷ 31.5 = 34.6 ኦም ስለሆነ 7 በመቶው 2.42 ኦም ነው። ቀለበቱ ከተዘጋ 25 አምፔር ያህል ታነባላችሁ። ክፍት ከሆነ ኢምፒዳንሱ ወደ 17 ኦም ይወጣና 3.5 አምፔር አካባቢ ብቻ ይሄዳል፤ በክፍቱ ጫፍም 47 ቮልት ገደማ ይታያል። ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ነው፣ ማንንም አያሳስትም።

የሚያሳስተው የ132ቱ ወገን ነው። ለደህንነት ሦስቱም የ132 ፌዞች መሬት ተደርገዋል፣ ኒውትራሉም መሬት ላይ እንዳለ ነው እንበል። ያን ጊዜ 132ቱ ጥቅልል ራሱ የተዘጋ መንገድ ሆኖ ልኬቱ ውስጥ ይገባል። ቀለበቱ ተዘግቶ 41 አምፔር፣ ቀለበቱ ተረስቶም 14.5 አምፔር ታነባላችሁ። ይህቺን 14.5 አይቶ «ከረንት እየሄደ ነው፣ ደህና ነው» የሚል ይኖራል። ስለዚህ ፌዞቹ ላይ ያለውን የደህንነት ኧርዝ ሳትነኩ የ132ቱን ኒውትራል ብቻ ከመሬት አላቁት፤ ኒውትራሉ ክፍት ከሆነ ዜሮ ሲኩዌንስ በዚያ በኩል አይዘጋም። ቁጥሩ ከፋብሪካው ሰነድ ጋር ሲገጥም ሁለቱንም ኒውትራሎች መልሱ፣ የዴልታውን መሬት ሽቦም ከመጨረሻው ምርመራ በፊት አንዴ በእጃችሁ ንኩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ማያያዣው ከተፈታ በኋላ ይህ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፦ «15 ኪሎ ቮልት ከሆነ ለጣቢያው መብራት ለምን አንጠቀምበትም?» የእናንተው ሁለት ቡሺንግ ብቻ ያለው ስለሆነ ሦስት ፌዝ አይሰጥም። ሦስት ቡሺንግ በወጣለት ላይም ቢሆን ጥያቄው ጥቅልሉ ምን ይችላል የሚለው ነው። በተርሸሪው ቡሺንጎች ላይ ሦስት ፌዝ ሾርት ቢፈጠር ከ132 በኩል 1 ÷ 0.23 = 4.35 እጥፍ፣ በጥቅልሉ ውስጥ 3040 አምፔር ይነሳል። ለማረጋጊያ ብቻ የተሠራ ጥቅልል በ1890 አምፔር ታስቦ ሊሆን ይችላል፤ በጉልበት ደረጃ ሲታይ ደግሞ ኃይሉ በከረንቱ ካሬ ስለሚሄድ ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። እንዲጫንበት ታስቦ ከተሠራ ነምፕሌቱ የተርሸሪውን ኤምቪኤ ለጭነት ብሎ ይጽፋል። ካልጻፈ ድመት ወይም እባብ ወጥቶ ሾርት የሚያደርገው ምንም ኬብል ወይም ባር ወደዚያ እንዳይጠጋ አድርጉ።